በሳምንት ስድስት ሰዓት፦ የአንድ የጓሮ አትክልት ቻናል የኅዳር ወር ዕቅድ

ጉዳዩ በቢሾፍቱ የምትኖር፣ በባንክ ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻዋን የምታዘጋጀው የጓሮ አትክልት ቻናል ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ አዘጋጇ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቀረጻውም፣ ቅንብሩም፣ ለተመልካች መልስ መስጠቱም በእርሷ እጅ ነው። መሣሪያዋ አንድ ስልክ፣ አንድ የስልክ ማቆሚያና በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ነው። ረዘም ያለውን ሥራ በዩቲዩብ፣ አጫጭር ማስታወሻዎችን ደግሞ በቴሌግራም ታወጣለች። እኔ በቪዲዮ ቅንብር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የኅዳር 2018ን ዕቅድ አብረን ነው ያወጣነው።

መስከረም ላይ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ሲወጣ ጓሮው ሁሉ የሚቀረጽ ነገር ሆነ። አዘጋጇም በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ታወጣ ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ ግን ፈጽሞ ቆመ። ምክንያቱን ስጠይቃት «ሐሳብ አለቀብኝ» አለችኝ። ማስታወሻ ደብተሯን ስንከፍተው ግን ከአርባ በላይ ያልተነኩ ርዕሶች ተደርድረው አገኘን። ስለዚህ ያለቀው ሐሳብ አልነበረም፤ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረብን።

የፈለግነውን ያገኘነው አንድ ቪዲዮ ከመነሻው እስከ መድረሻው የበላውን ጊዜ ስንመዘግብ ነው። ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ቪዲዮ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወስዷል። ከዚህ ውስጥ ቀረጻው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ርዕስ መምረጥና «ከየት ልጀምር?» እያሉ መዋለል አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዕቃና ቦታ ማዘጋጀት አንድ ሰዓት፣ ቅንብሩ አራት ሰዓት፣ ርዕስ መጻፍና የሽፋን ምስል መሥራት አንድ ሰዓት በልተዋል። ቅንብሩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው ደግሞ ግማሹ ጊዜ የሄደው የትኛው ምስል ይቅደም፣ የትኛው ይከተል የሚለውን በማሰብ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የሚጠፋው በውሳኔ እንጂ በሥራ አልነበረም ማለት ነው።

ተከታታይ ዝግጅት ብቻውን ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ተመልካችን ለማስለመድ ብቻ ያስቡታል፤ ያም እውነት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን የመጀመሪያው ምስል የት እንደሚሆን፣ በምን ቃል እንደሚከፈት፣ በምን እንደሚዘጋ አንድ ጊዜ ተወስኖ ማለቁ ነው። አፈር መቆፈሩንና ውኃ ማጠጣቱን አያሳጥረውም። ውሳኔውን ግን ያስቀረዋል።

ቀጥለን ያላትን ጊዜ ቆጠርን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰዓት፣ በሥራ ቀናት ሁለት ምሽት ተደማምሮ ሦስት ሰዓት፤ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ መርሐ ግብር ላይ ማስፈር አልፈለግሁም። መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ አለ፣ ዕድር አለ። ስለዚህ የተቆጠረውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ እንያዝ ብዬ ተከራከርኩ። በሳምንት ስድስት፣ በወር ሃያ አራት ሰዓት። የቀረው አሥራ ሁለት ሰዓት የትም አይመደብም፤ ክፍት ነው። አዘጋጇ በመጀመሪያ ይህን እንደ ስንፍና ቆጥራው ነበር፤ ወሩ ሲጋመስ ግን ራሷ ትከላከልለት ጀመር።

አሁን ተከታታዮቹን መምረጥ ቀረ። የጓሮ አትክልት ከሌላው ጉዳይ የሚለየው የራሱ ጊዜ ያለው መሆኑ ነው። ካሮት ዛሬ ተዘርቶ ነገ አይነቀልም። ይህ ለአንድ ሰው ቻናል ሸክም ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜው ቀድሞ ከታየ ሸክሙ ይቀላል። የሚበስሉበት ፍጥነት የተለያየ ሦስት ተከታታዮችን መረጥን።

የመጀመሪያው «ከዘር እስከ ማዕድ» ይባላል። አንድ አትክልት ከተዘራበት ቀን ጀምሮ እስከሚበላበት ድረስ በየሳምንቱ ጥቂት ሰከንድ ይቀረጽና መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ቪዲዮ ይሆናል። በየቀኑ የሚጠይቀው ድካም ከቁጥር አይገባም፤ ቅንብሩ ግን ከባድ ስለሆነ በወር ከአንድ በላይ እንዳይወጣ ተወሰነ። ለኅዳር የተመረጠው ቆስጣ ነው። አዘጋጇ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ስትዘራው የቀረጸችው ምስል ስልኳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቆስጣ ሃምሳም ስድሳም ቀን ቢፈጅ ኅዳር መግቢያ ላይ ይደርሳል፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ቪዲዮው ከጾሙ ዋዜማ፣ እሑድ ኅዳር 14 እንዲወጣ ቀን ተቆረጠለት። ሰው ስለ ቆስጣ የሚያስብበት ሳምንት ነውና።

በዚያው ወር ደግሞ የሚቀጥለው መዘራት አለበት። ካሮት ኅዳር 7 ተዘራ። ከሰማንያ ቀን በላይ ቢፈጅ የካቲት 1 አካባቢ ይነቀላል፤ ዐቢይ ጾም በየካቲት 9 ስለሚገባ ቪዲዮው የካቲት 8 ተመደበለት። በኅዳር ዕቅድ ላይ የየካቲት ቀን መጻፉ አዘጋጇን አስገርሟት ነበር። ለእኔ ግን የዕቅዱ ዋና ነገር ይህ ነው። የዛሬው ወር ሉህ ላይ የሚቀጥሉት ወራት ዘር ካልተጻፈ፣ የካቲት ሲደርስ የሚታይ አትክልት አይኖርም።

ሁለተኛው «የሳምንቱ ጓሮ» ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ስልኳን ይዛ ጓሮውን እየዞረች በአንድ ትንፋሽ የምትቀርጸው፣ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ቅንብር የሌለው ዝግጅት ነው። ሁሉን ጨምሮ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከሦስቱ ደካማው ይመስላል፤ ለእኔ ግን ሊቀር የማይገባው እርሱ ነበር። ክፉ ሳምንት ሲመጣ ሌላው ሁሉ ቢታጠፍ ይህን መሥራት ይቻላል፤ ተመልካቹም ቻናሉ በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው በእርሱ ነው። ማንኛውም ብቻውን የሚሠራ አዘጋጅ ከተከታታዮቹ አንዱን በደከመበት ቀንም ሊሠራው የሚችለው አድርጎ መቅረጽ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው «አንድ ጥያቄ» ነው። ከተመልካች የመጣን አንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በስልክ ቁመት በተቀረጸ ምስል መመለስ። የወሩ አራቱም ክፍሎች በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይቀረጻሉ፣ በየረቡዕ ምሽት ይወጣሉ። ለዚህ ያዘጋጀነው ግማሽ ገጽ እስካሁን ግድግዳዋ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እንዲህ ይላል፦

«ምስሉ የሚጀምረው ከእጅ ነው፤ ፊት አይታይም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄው ራሱ ነው፤ ሰላምታ የለም። መልሱ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ መታየት አለበት። ካሜራው ከመደብ ቁጥር ሁለት ጫፍ አይነሳም። መዝጊያው የእጅ መታጠብ ነው። መድኃኒት ስም አይጠራም። ስምንት ክፍል ሲሞላ ያበቃል።»

ከነዚህ ውስጥ ብዙ የሠራው «መልሱ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ መታየት አለበት» የሚለው ነው። «የቲማቲም ቅጠል ከታች ለምን ቢጫ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ መጥቶ ነበር። ምክንያቱ ውኃም፣ የማዳበሪያ እጥረትም፣ በሽታም ሊሆን ስለሚችል በአንድ ደቂቃ የሚመለስ አይደለም፤ ለረጅም ቪዲዮ ተቀመጠ። «ቆስጣ አንድ ፍሬ ስዘራ ለምን ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል?» የሚለው ግን በትክክል የሚገባ ሆነ። የቆስጣ ዘር ብለን የምንጠራው ሸካራ ፍሬ በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር የያዘ ነው። እጇ ፍሬውን ያሳያል፣ ከዚያ ተጣብቀው የበቀሉትን ቡቃያዎች ያሳያል፣ አንዱን አስቀርታ ሌሎቹን ትቆርጣለች። አለቀ። የቀሩት ሦስቱ ካሮት ለምን እንደሚሰነጣጠቅና እግር እንደሚያወጣ፣ አፈር ውኃ መፈለጉን በጣት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ቆስጣ ሥሩን ሳይጎዱ ከዳር ከዳር እንዴት እንደሚቀጠፍ የሚመልሱ ነበሩ።

ለጥያቄዎቹ መዝገብም አበጀን። አንዱ ዓምድ ጥያቄው፣ ሁለተኛው የሚመለስበት ወቅት፣ ሦስተኛው በእጅ ይታያል ወይስ አይታይም። የወቅቱ ዓምድ ዋጋው የታየው በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖር ተመልካች «በአፓርታማዬ ሰገነት ላይ ቃሪያ ማብቀል እፈልጋለሁ» ብላ ስትጽፍ ነው። ኅዳር ላይ ለዚያ አገር ሰው ይህን መመለስ ጥቅም የለውም፤ ብርዱ ገብቷል። ቃሪያ ከመጨረሻው ውርጭ ስምንት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በቤት ውስጥ ስለሚዘራ ጥያቄው የካቲት ተብሎ ተጻፈበት፤ ለጠያቂዋም በዚያ ጊዜ እንደሚመለስ ተነገራት።

የተጣለውንም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከመረጥነው ይልቅ መጣሉ ከባድ ነበር። አዘጋጇ የሌሎችን ጓሮ እየሄደች የምትጎበኝበት ዝግጅት ነበራት። ተመልካችም ይወደው ነበር፣ እርሷም ትወደው ነበር። ነገር ግን ቀጠሮ ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ ባለቤቱ «ዛሬ አይመቸኝም» ሲል ቅዳሜው በከንቱ ያልፋል። የሌላ ሰው ፈቃድና ጊዜ የሚጠይቅ ነገር በየሳምንቱ የሚደገም ተከታታይ ሊሆን አይችልም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የዓመት ፈቃድ በምትወስድበት ሳምንት ብቻ እንዲሠራ ተስማማን። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር ነበረን፤ አሁንም ቢሆን ቻናሉ ካለው ሥራ ሁሉ ምርጡ እርሱ ነው ብላ ታምናለች። ምናልባት ልክ ናት። ጥሩ መሆኑና በየሳምንቱ የሚቻል መሆኑ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በወሩ ላይ አንድ ልዩ ቀን ነበር፦ ኅዳር 12። በኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ ከገባ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል፣ ኅዳር ማጠን፣ የተለመደ ነው። በዚያ ሳምንት እያንዳንዱ ግቢ ይጠረጋል፣ ቅጠል ይከመራል። ስለዚህ ከሚቃጠለው ውስጥ ለአፈር የሚሆነውን እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ገባ። ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ የአትክልት ልጣጭና ሣር በንብርብር ይደረጋል፤ እርጥበቱ የሚለካው በጭብጥ ነው፤ ሲጨብጡት ተያይዞ ውኃ ካልተንጠባጠበ በቂ ነው። ቪዲዮው በዋዜማው ካልወጣ ዋጋ ስለሌለው ኅዳር 11 ምሽት ተመደበለት። ሰው ቅጠሉን አቃጥሎ ከጨረሰ በኋላ ማን ያየዋል?

ሲደመር ረጅሙ ቪዲዮ ከካሮቱ ዘር ቀረጻ ጋር ስምንት ሰዓት፣ «የሳምንቱ ጓሮ» አራት፣ «አንድ ጥያቄ» አምስት፣ የኅዳር 12ቱ አራት፣ በቴሌግራም በወሩ መግቢያና አጋማሽ የሚወጣው የመዝሪያ ማስታወሻ አንድ ሰዓት። ሃያ ሁለት ሆነ። የቀረው ሁለት ሰዓት የታኅሣሥን ሉህ ለማዘጋጀት ተመደበ፤ ይህም በኅዳር የመጨረሻ ቀናት፣ ሰኞና ማክሰኞ ምሽት።

ሉሁ ራሱ በወረቀት ነው። ኅዳር 1 ሰኞ ስለዋለ ሳምንታቱ በቀላሉ ተደረደሩ። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ፦ የሚወጣበት ቀን በቀይ፣ የሚቀረጽበት ቀን በሰማያዊ። ብዙ ሰው የሚያዘጋጀው መርሐ ግብር ቀዩን ብቻ ይዞ ሰማያዊውን ይረሳል፤ ከዚያ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ መቅረጽ ይጀምራል። የወሩ «አንድ ጥያቄ» ሰማያዊ ቀን አንድ ብቻ ነበር፤ ያም ጥቅምት 30፣ እሑድ፣ ወሩ ሳይገባ።

በአፈጻጸሙ ላይ መጀመሪያ የተሰናከለው የቀን አቆጣጠር ነው። ቪዲዮውን አስቀድሞ ጭኖ የሚወጣበትን ሰዓት መቅጠር ይቻላል፤ ነገር ግን ዩቲዩብ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ነው። አዘጋጇ የመጀመሪያውን «አንድ ጥያቄ» ለረቡዕ ምሽት አንድ ሰዓት ስትቀጥር 1:00 ብላ ሞላች፤ ክፍሉም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣ። ጠዋት ስትነሳ ማንም አላየውም ብላ ደነገጠች። ከዚያ በኋላ በሉሁ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀይ ምልክት ከሥሩ የፈረንጁ ቀንና በዚያ አቆጣጠር የሚሞላው ሰዓት ተጻፈበት። ረቡዕ ኅዳር 10፣ ከሥሩ ኖቬምበር 19፣ 19:00። ትንሽ ነገር ናት፤ ያለ እርሷ ግን በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ማቀድ አደጋ አለው።

ሁለተኛው ችግር በ«የሳምንቱ ጓሮ» ላይ ታየ። ዩቲዩብ ለአዘጋጆች የሚያሳየው፣ ተመልካች በየትኛው ሰከንድ ላይ እንደሚወጣ የሚያመለክተው መስመር፣ በመጀመሪያው ክፍል ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቁልቁል ወርዶ ነበር። ቪዲዮውን ደግመን ስናየው ከግቢው በር ተነሥታ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ ስለ አየሩ ተናግራ ነው ወደ መደቡ የምትደርሰው። ለሁለተኛው ክፍል አንድ ሕግ ጨመርን፦ ካለፈው ሳምንት በጣም የተለወጠው መደብ ይቀድማል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከካሮቱ መደብ ጀመረች፤ ገና ባዶ አፈር ሲሆን «እዚህ ሥር ዘር አለ» ብላ ብቻ አለፈች። የመስመሩ መውረድ ላላ አለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአንድ ክፍል ላይ ተመሥርቶ ተከታታዩን መጣል አይገባም። ቢያንስ ሦስት አራት ክፍል ተቀራራቢ ነገር ካሳየ ነው ተከታታዩ ራሱ ችግር አለበት የሚባለው። አንድ ክፍል ብቻ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በአከፋፈቱ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የቅርብ ዘመድ አረፈባት። ኅዳር 17 የወጣው «አንድ ጥያቄ» ቀድሞ የተቀጠረ ስለነበር እርሷ ለቅሶ ቤት ሳለች በሰዓቱ ወጣ። ቅዳሜ ኅዳር 20 ግን «የሳምንቱ ጓሮ» አልተቀረጸም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ልሥራና ላካክስ ብላ ነበር። እንዳታደርገው ለመንኳት። ያለፈን ሳምንት ማካካስ የሚቀጥለውን ሳምንት ያጨናንቃል፣ ያም ሌላውን ይገፋል፤ ጥቅምት ላይ የተፈጠረው በትክክል ይህ ነበር። ቦታው ባዶ ቀረ። በቴሌግራም ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣ ተመልካቾቿም አጽናኗት። ኅዳር 27 እንደ ወትሮው ቀረጸች። ያልተመደበው አሥራ ሁለት ሰዓት የተበላው በአብዛኛው በዚያ ሳምንት ነው።

የቆስጣው ቪዲዮ በቀኑ ወጣ። ቅንብሩ ቀድሞ ከነበረው አራት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ወርዷል፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ የቀኑ ቅደም ተከተል ነውና የሚወሰን ነገር አልነበረም። ጊዜ የወሰደው በድምፅ የሚነገረውን መጻፍ ነው። ይህን የምናሳጥርበት መንገድ አላገኘንም፤ ማሳጠርም ያለብን አይመስለኝም። የዝግጅቱ ጥራት ያለው እዚያ ነው።

የታኅሣሥ ሉህ በኅዳር መጨረሻ ተዘጋጀ። ታኅሣሥ አምስት ረቡዕ አለው፤ አምስተኛው ግን ታኅሣሥ 29፣ ገና ስለሆነ ባዶ ተተወ። «አንድ ጥያቄ» በታኅሣሥ 22 ስምንተኛው ክፍል ላይ ያበቃል፤ ጥር ላይ አይኖርም፣ ጥያቄዎቹ ግን በመዝገቡ መሰብሰባቸውን ይቀጥላሉ። «የሳምንቱ ጓሮ» ይቀጥላል። በታኅሣሥ የሚደርስ ሌላ አትክልት ከመስከረም ጀምሮ ስላልተቀረጸ «ከዘር እስከ ማዕድ» አይወጣም፤ በቦታው ስለ ቲማቲም ቅጠል ቢጫ መሆን የተነሣው ጥያቄ በረጅም ቪዲዮ ይመለሳል። በኅዳር 12 የተከመረው ቅጠልም በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጣል፣ ሲገላበጥም ይቀረጻል፤ ምን እንደሆነ የሚታየው ከካሮቱ ጋር በየካቲት ነው።